ፎከሱን ቆልፌው ለምን ደበዘዘ? ከጣና ዳር የተነሣ ክርክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት ውይይት ላይ ያነሣችው ሰብለ የምትባል የባሕር ዳር ልጅ ናት። ጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። እሳቸውን ሥራ ላይ እንዳሉ፣ ሳታቋርጥ፣ በአንድ ረጅም ቪዲዮ መቅረጽ ፈልጋለች። ደንገሉ ሲታሰር፣ ገመዱ ሲጠብቅ፣ እጃቸው ሲሠራ ጥርት ብሎ እንዲታይ ነው ሐሳቧ።

ችግሯን በዝርዝር ነው ያስቀመጠችው። ውይይቱ ፍሬ ያፈራው በዚህ ይመስለኛል። ቀረጻ የምትጀምረው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባ ወጣ ትላለች። ደመና በመጣ ቁጥር ስልኩ በራሱ ጊዜ ምስሉን ያፈካዋል፤ ፀሐይ ስትመለስ ያጨልመዋል። ከኋላ ውኃው ሲያብረቀርቅ ደግሞ ፎከሱ ከእጃቸው ተነሥቶ ሐይቁ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ጓደኛዋ ስክሪኑን ጫን አድርጋ እንድትይዝ ነገረቻት። እንደተባለችው አደረገች። የቁልፍ ምልክት መጣ፤ መፍካት መጨለሙም ቆመ። ቪዲዮው አጋማሽ ላይ ግን እጃቸው ደበዘዘ። የቁልፉ ምልክት እዚያው ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ቆልፌው ለምን ደበዘዘ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን ብላ ጠየቀች።

1ኛው መልስ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ የሚል ነው። ነገሩ ክፋት የለውም። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አይጠፋውም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣ ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል። ግን ቅባት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው የሚያደበዝዘው። መሃል ላይ አይጀምርም።

2ኛው ጥያቄውን ጨርሶ ስቶታል። ስክሪን መቆለፍ ስላለ የስልክ ይለፍ ቃል መስሎት፣ ቪዲዮ ሲቀረጽ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ሰዓቱን እንዴት ማርዘም እንደሚቻል በትዕግሥት አስረዳ። ሰብለ ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ የእኔ ግን ሌላ ነው ብላ በጨዋነት አለፈችው።

3ኛው የጻፈው ጢስ ዓባይ እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ ነው። ፏፏቴው ላይ እሱም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። ጢሱ ወደ ሰው ሲነፍስ ስልኩ የውኃውን ብናኝ ይከተልና ፎከሱ ይዋልላል። መፍትሔ ያለው ሩቅ ያለውን ገደል ተጭኖ መቆለፍ ነው። አንዴ ሩቅ ላይ ከተቆለፈ ሁሉም ነገር ይጠራል፣ አንቺም ከማዶ ያለውን ዳር ተጭነሽ ቆልፊው አላት።

ይህ መልስ ብዙ ድጋፍ አገኘ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ለፏፏቴው ልክ ነው፤ እዚያ የሚቀረጸው ነገር ሁሉ ሩቅ ነው። ሩቅ ላይ የተቆለፈ ስልክ ብናኙ አያታልለውም። ለሰብለ ግን ገደል ይከታታል። የምትቀርጸው ቅርብ ያለ እጅ ነው። ማዶ ላይ ብትቆልፈው ሐይቁ ጠርቶ እጃቸው ከመጀመሪያው ይደበዝዛል።

4ኛው ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። ባሕር ዳር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መልስ አልሰጡም፤ ጥያቄ ነው የጠየቁት። ከአባባ ምን ያህል ርቀሽ ነበር? ቆመሽ ነው ወይስ ተቀምጠሽ? እሳቸውስ ሲሠሩ ይንቀሳቀሳሉ? ዙም አድርገሽ ነበር? የስልኩን ዓይነት ግን አልጠየቁም። ይሄ ነገር ወደድኩላቸው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከስልኩ ስም ነው።

ሰብለ በ5ኛው መለሰች። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ነው የቀረጸችው፤ ከእጃቸው ግማሽ ሜትር ቢርቅ ነው። ዙም የለም። አባባ ገመዱን ሲያዞሩ ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፣ ሲያጠብቁት ደግሞ ወደ ኋላ ተለጥጠው ይስባሉ።

6ኛው የጋሼ ረጅም መልስ ነው። ውይይቱን በሙሉ የተሸከመው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስልክሽ ጤነኛ ነው፣ ያዘዝሽውን ነው የሠራው ብለው ጀመሩ። ፎከስ ሲቆለፍ የሚቆለፈው ሰውየው ላይ አይደለም፤ እጁም ላይ አይደለም። የሚቆለፈው ርቀት ነው። ካሜራው ችካሉን ግማሽ ሜትር ላይ ተክሎ ቁጭ ይላል። እዚያ ርቀት ላይ የገባ ነገር ሁሉ ይጠራል፣ ከዚያ የወጣ ይደበዝዛል። እጅ ይሁን ደንገል ይሁን ካሜራው አያውቅም፤ ቁልፉ እስካለ ድረስ መፈለግ ትቷል። አባባ ገመዱን ሊስቡ ወደ ኋላ ሲለጠጡ እጃቸው ከችካሉ ራቀ። ቁልፉም ስላልተፈታ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

ቀጥለው ርቀቱ ለምን እንደሚወስን አስረዱ። በግማሽ ሜትር ላይ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። እንደ ስልኩ ይለያያል እንጂ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲያጎነብስ ያንን በቀላሉ ያልፈዋል። ወደ 2 ሜትር ገደማ ሲራቅ ግን የስልክ ዋና ካሜራ ጥርት የሚያደርገው ቦታ ብዙ ይሰፋል። እዚያ ላይ የተቆለፈ ፎከስ አባባ ስንዝር ቢጠጉ ስንዝር ቢርቁ ልዩነቱ አይታይበትም። ስለዚህ ምክራቸው መጀመሪያ ራቂ፣ ከዚያ ቆልፊ ነው። ምስሉ ከራቀባት 2x ብታደርገው ይሻላል፤ ግን ዙሙ ከመቆለፏ በፊት ይሁን አሉ። በብዙ ስልክ ዙም ወይም ሌንስ ሲቀየር፣ ከፎቶ ወደ ቪዲዮም ሲዞር ቁልፉ ይፈታል። ቪዲዮ ላይ ሆና፣ ዙሙን ጨርሳ፣ ከዚያ ቆልፋ፣ ከዚያ ነው መቅረጽ የምትጀምረው።

መጨረሻ ላይ ያከሏት መሞከሪያ ጠቃሚ ናት። ስልክ በሚገባ መቆለፉን ማወቅ የፈለገ መዳፉን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ፊቱ ይዘርጋና ጫን ብሎ ይቆልፍ። ከዚያ እጁን ያውርድ። ከበስተ ኋላ ያለው ግድግዳ ደብዝዞ ከቀረ ፎከሱ ተቆልፏል። ቀስ ብሎ ከጠራ አልተቆለፈም። ለብርሃኑ ደግሞ ቤት ውስጥ ጠቆር ያለ ግድግዳ ላይ ቆልፎ ስልኩን ወደ መስኮት ማዞር ነው። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ከቀረ ቁልፉ ይዟል። ሰማዩ ተመልሶ መታየት ከጀመረ ስልኩ አሁንም ራሱ እያስተካከለ ነው። እኔም ቤት ውስጥ ያሉትን ስልኮች በዚህ መንገድ ፈተሽኳቸው። አንዱ ጫን ሲሉት ምልክት ያሳያል እንጂ ብርሃኑን አይቆልፍም፤ ፎከሱን ብቻ ነው የሚይዘው። ምልክትን ብቻ ማመን አይበቃም ማለት ነው።

7ኛው ላይ አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ገባ፤ ድምፁም ትንሽ ጠንከር ያለ ነው። ጋሼ ፎከሱን ብቻ አወሩ፣ የልጅቱ ዋና ችግር ብርሃኑ ነው አለ። እሱ ሐይቅ ዳር ሙሽሮች ሲቀርጽ የሚያበሳጨው ነጭ ልብስ ነው። ሙሽራዋ በሐበሻ ቀሚስ ወደ ካሜራው ስትመጣ ነጩ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ስልኩ ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ፊት ላይ ቆልፎ መተው ነው፣ ደመና መጣ አልመጣ አያገባህም ብሎ ደመደመ።

8ኛዋ የመለሰችለት ተማሪ ናት፤ አንደበቷ ስለታም ነበር። ደመና መጣ አልመጣ አያገባህም ማለት ሠርግ ላይ ያስኬድ ይሆናል፣ ሰብለ የጠየቀችው ግን ስለ ደመናው ነው አለችው። ፀሐይ ላይ ተቆልፎ ደመና ቢመጣ ምን ይሆናል? ስልኩ ካላስተካከለው ምስሉ ጨለማ ይሆናል። ደመና ላይ ተቆልፎ ፀሐይ ብትወጣ ደግሞ ፊቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

9ኛው የሠርጉ ልጅ መልስ ነው፤ የስንት ዓመት ልምድ አለሽ የሚል ዓይነት ነገር። እሱን ልለፈው።

10ኛው ላይ ጋሼ ተመልሰው ሁለቱንም አስታረቁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምታወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው አሉ። ብርሃን ተለወጠ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ምኑ ላይ ነው የተለወጠው የሚለው ነው። ሙሽራዋ ስትቀርብ ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃን አልተለወጠም፤ ፀሐይዋ ያው ናት። የተለወጠው ምስሉ ውስጥ የገባው ነገር ነው። ነጭ ጀልባ ከኋላ ቢያልፍ፣ ውኃው ቢያብረቀርቅ፣ ሰው በነጠላ ቢያቋርጥም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ የሚሳሳተው ስልኩ ነው፤ መቆለፍ ፍቱን መድኃኒት ነው። ደመና ፀሐይን ሲጋርድ ግን ሰውየው ላይ ያረፈው ብርሃን ራሱ ቀነሰ። ጥቅጥቅ ያለ ደመና ከሆነ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ስልኩ ማስተካከሉ ስሕተት አይደለም፤ መቆለፉ ነው ጉዳት የሚሆነው።

ይህንን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ራሴ ስልክ ይዤ ሐይቅ ዳር ስቆም የማየው ችግር በሙሉ በዚህ ለሁለት ይከፈላል። መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ዓይንን ከስክሪኑ አንሥቶ ሰውየውን ማየት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጥላ ጠርዙ እንደ ቀድሞው ከሆነ ብርሃኑ አልተለወጠም። ጥላው ከለሰለሰ ወይም ከጠፋ ፀሐይዋ ተጋርዳለች። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሰብለ ታዲያ ሁለቱም አብረው ነው የመጡብኝ፣ ደመናውም ውኃውም አለ ብላ በ11ኛው መለሰች። ጋሼ በ12ኛው የሰጧት መልስ እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ የተሻለው ነው። ውኃውን ከምስሉ ውስጥ አውጪው አሏት። ቁጢጥ ማለቷን ትታ ከፍ ብላ ብትቆምና ስልኩን ዝቅ አድርጋ ብታዞረው፣ ከአባባ ጀርባ የሚታየው ሐይቁ ሳይሆን ዳሩ ላይ ያለው ጭቃና ሣር ይሆናል። የሚያብረቀርቀው ከጠፋ ግማሹ ችግር ያለ ምንም ቁልፍ ጠፋ። የሚቀረው ደመናው ነው። ለእሱ ደግሞ ከተቆለፈ በኋላ አጠገቡ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት መጠቀም ነው። ወደ አንዱ በኩል ሲሳብ ያጨልማል፣ ወደ ሌላው ሲሳብ ያፈካል። ደመናው ሲመጣ በአውራ ጣት ቀስ ብላ ወደሚያፈካው በኩል ትስበዋለች፣ ሲሄድ ቀስ ብላ ትመልሰዋለች። ፎከሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ስልኩ ግን በእጅ ከተያዘ ጣት በነካው ቁጥር ምስሉ ስለሚናወጥ ማቆሚያ ላይ መሆን አለበት።

የት ላይ ጫን ማለት እንዳለባትም ነገሯት። አባባ ነጠላ ስለሚደርቡ ነጠላው ላይ አይሁን፤ ክንዳቸው ላይ ይሁን። ነጭ ላይ ከተለካ ቆዳው ይጠቁራል። ክንዱ ላይ ከተቆለፈ በኋላ ነጠላው ንጥት ብሎ ጥለቱ ከጠፋ፣ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ብቻ ወደሚያጨልመው በኩል። ነጥቶ የጠፋ ነገር በኋላ በኤዲቲንግ አይመለስም፤ ጠቆር ያለ ግን በመጠኑ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ከመንገድ ወጣ። 13ኛው ሰው ቪዲዮው ላይ ከኋላ የሚታየው አረንጓዴ እንቦጭ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 14ኛው እንቦጭ ሳይሆን ደንገል ነው፣ ዓይንህን ክፈት አለው። 15ኛዋ ደንገሉም ቢሆን እየተመናመነ መሆኑን፣ ታንኳ ሠሪዎች ከቀድሞው ርቀው ለመቁረጥ እንደሚገደዱ ጻፈች። 16ኛው ደግሞ ለአባባ ገንዘብ ከፍለሻል ወይ፣ ወይስ በነጻ ቀርጸሽ ዩቲዩብ ላይ ልትሸጫቸው ነው ብሎ ሰብለን ፊት ለፊት ወጋት። እሷም አልተቆጣችም። ፈቃድ እንደጠየቀች፣ ቪዲዮውን መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸውና ልጆቻቸው እንደሆኑ፣ ስለ ክፍያውም ከቤተሰቡ ጋር እንደተነጋገረች ጻፈች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጠያየቁ ግን ከዚያ የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር።

17ኛው ወደ ጉዳዩ የመለሰን የጀልባ ሠራተኛ ነው። ሰው ወደ ዘጌ ሲያመላልስ ይውላል። እሱ የገጠመው ሌላ ነው። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ሲመለሱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጀልባው ላይ ያሉትን ሰዎች ፎቶ ያነሣል። ፎከሱን ፊታቸው ላይ ይቆልፋል፤ ርቀቱም አይለወጥም፣ ሁሉም ተቀምጠዋል። ያም ሆኖ ፎቶው ይደበዝዛል። የጋሼ ትምህርት እኔ ጋ አልሠራም አለ።

ለዚህ የመለሰችው ያችው ስለታም ተማሪ ናት፤ ቁጥር 18። አሁን ግን ለስለስ ብላለች። ፎከስ አይደለም የከዳህ አለችው። ሲመሽ ስልኩ በቂ ብርሃን እንዲያገኝ ሻተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍተዋል። በዚያች ቅጽበት ጀልባው ይወዛወዛል፣ ሞተሩም ያንቀጠቅጣል፣ ሰዎቹም ይሥቃሉ። የሚታየው የእንቅስቃሴ ብዥታ ነው። ለመለየት ፎቶውን አስፍቶ ማየት ነው አለችው። ከሰዎቹ ፊት ወይም ኋላ የሆነ ነገር ጥርት ብሎ እነሱ ብቻ ከደበዘዙ ፎከስ ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ ስልኩ ተንቀሳቅሷል። ጀልባው ጥርት ብሎ የሚያወራው ሰው እጅ ብቻ ከተጎተተ የተንቀሳቀሰው ሰውየው ነው።

የጀልባው ሠራተኛ ፎቶውን ለጠፈ። የጀልባው ጠርዝ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ፣ የሰዎቹ ጥርስ ሳይቀር ወደ ጎን ተስቧል። ልጅቱ ልክ ነበረች። መፍትሔው ታዲያ ቁልፍ አይደለም። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ እንዲጠፋ ማድረግ፣ ወይም ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ከመጥለቋ በፊት ማንሣት፣ ወይም ሁሉም በእጅ በሚስተካከልበት ፕሮ ሞድ ሻተሩን አፍጥኖ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚወስነውን ISO ከፍ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ያመጣል። እኔ ከተጎተተ ፊት አሸዋውን እመርጣለሁ።

19ኛው አይፎን የያዘ ነው። እሱ ጋ ጫን ሲባል በቢጫ AE/AF LOCK ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ቦታ እስኪነካ ድረስም ይቆያል። ግን የሚያናድደው ነገር ፎከሱና ብርሃኑ አብረው መቆለፋቸው ነው። ፎከሱ እንደተቆለፈ ብርሃኑን ስልኩ ራሱ እንዲያስተካክል ቢፈልግ በስልኩ ካሜራ መንገድ አላገኘም። አንድ ነገር ግን ለሰብለ አካፈለ። ሲመሽ ወይም ወደ ነገሩ ሲጠጉ ስልኩ ሳያስፈቅድ ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ምስሉ እንደ መንገጭገጭ ይላል። ቪዲዮ ላይ ይህንን ማቆም የፈለገ Settings ውስጥ Camera፣ ከዚያ Record Video ገብቶ Lock Camera የሚለውን ማብራት ይችላል። እዚያው የቀለሙን ሚዛን የሚቆልፍ Lock White Balance የሚል አለ።

ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ 20ኛው ሰው ይዞ ሮጠ። ሰው ሁሉ ስለ ፎከስና ስለ ብርሃን ይጨቃጨቃል፣ ቀለሙን ማን ይቆልፈው ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ቁጣ ነበረው፣ ሐሳቡ ግን የበሰለ ነው። ብርሃኑ ቢቆለፍም ስልኩ የቀለሙን ሚዛን መቀያየሩን አይተውም። ፀሐይ ላይ የአባባ ክንድ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው። ደመና ሲመጣ ስልኩ ሰማያዊነቱን ለማጥፋት ቢጫ ይጨምራል፤ ፀሐይ ስትመለስ ለጥቂት ሰከንድ ክንዳቸው ብርቱካን ይሆናል። የሰብለን ቪዲዮ ሳይ ያ ነገር በግልጽ አለ። የእሷ ስልክ ሳምሰንግ ስለሆነ በ Pro Video ገብታ የቀለሙን ሚዛን የሚይዘውን WB ከአውቶ አውጥታ በአንድ ቁጥር እንድታቆመው ነገራት። ስንት ላይ ለሚለው ፀሐይ ላይ ከ5000 እስከ 5500 መሃል ትሞክር አለ። ደመና ላይ ምስሉ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፤ ይበል፣ ሰማዩም እንደዚያው ነው አለ።

21ኛው አንድሮይድ ላይ ፎከስንና ብርሃንን ለየብቻ መቆለፍ የፈለገ Open Camera የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ያውርድ አለ። እዚያ ብርሃኑ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ፎከሱ ለብቻው ይመረጣል። ርካሽ ስልክ ላይ ግን መተግበሪያው ሁሉንም ሌንስ ላያገኝ ይችላል ሲል አስጠነቀቀ።

ከዚያ ሰብለ ጠፍታ ከረመች። በ22ኛው ተመልሳ ያደረገችውን ጻፈች። አባባ የሚቀመጡበት አጠገብ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማቆሚያ ተክላ፣ ወደ 2 ሜትር ርቃ፣ 2x አድርጋ፣ ክንዳቸው ላይ ቆለፈች። ከኋላ የሚታየው ጭቃና የተቆረጠ የደንገል ክምር ብቻ ሆነ። ቀለሙን 5200 ላይ አቆመችው። ጠዋት ነበር፤ ሐይቁ ገና ንፋስ አልያዘውም። አባባ ገመዱን ሲስቡ እጃቸው ጥርት ብሎ ቀረ። የገመዱ ጭረት፣ የደንገሉ ቃጫ፣ ጥፍራቸው ሥር የገባው ጭቃ ሳይቀር ይታያል። አንዴ ብቻ ነው የደበዘዘው፤ አባባ ተነሥተው አዲስ ነዶ ሊያመጡ ሲሄዱና ሲመለሱ ቦታቸውን ወደ ፊት ቀይረው ሲቀመጡ። እዚያ ላይ ቀረጻውን አቁማ እንደገና ቆለፈች።

ደመናውን ግን አላሸነፈችውም። ሁለት ጊዜ መጣ። የመጀመሪያውን በአውራ ጣቷ ተከታተለችው፤ ትንሽ ዘግይታ ስለነበር ምስሉ ጨልሞ ሲመለስ ይታያል። ሁለተኛውን ዝም አለችው፤ አባባ ጥላ ውስጥ ገብተው ወጡ። እሷ ሁለተኛውን ወደደችው። ደመና መጣ፣ ጨለመ፣ ሄደ፣ ፈካ፤ እዚያ የሆነውም ይኸው ነው አለች።

የሠርጉ ልጅ በ23ኛው ተመልሶ አልተስማማም። ማንም ተመልካች እጁ የጠቆረበትን ቪዲዮ ስለ ደመና ነው ብሎ አይታገሥም፣ ስልኩ ራሱ ቢያስተካክለው ይሻል ነበር፣ ፎከሱን ብቻ ቆልፋ ብርሃኑን ለስልኩ መተው ነበረባት አለ። ጋሼ በ24ኛው በከፊል ተስማሙለት። ውኃው ከምስሉ ከወጣ ስልኩን የሚያታልለው ነገር ስለቀነሰ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብርሃኑን ለአውቶ መተው ይቻላል፤ ስልኳ ለይቶ ከቆለፈ ይሞከር አሉ። ግን አውቶ ሲያስተካክል በደረጃ ዘለል ዘለል ይላል፤ እሱም ዓይን ይረብሻል። ተማሪዋ ሁለቱንም አልተቀበለችም፤ አቁሞ፣ ደመናው እስኪያልፍ ጠብቆ፣ እንደገና መጀመር ነው የሚል አቋም አላት። ሰብለ ግን ከመጀመሪያው ሳይቋረጥ ነው የፈለገችው።

እኔ ከሰብለ ጋር ነኝ፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ። ጥላው ላላ ብሎ ያልፋል እንጂ ሥራው አይቆምም። ሠርግ ቢሆን ግን የሠርጉን ልጅ ነው የምሰማው።

ውይይቱ እስካነበብኩት ድረስ በ26ኛው ላይ ነው የቆመው። አንዱ እሱ ስልክ ላይ ቁልፉ ቀረጻ ሲጀመር በራሱ እንደሚፈታ ጽፏል። ጋሼ ቀረጻው ከጀመረ በኋላ እንደገና ጫን ብሎ ይሞክር፣ ቆርጦ የሚጥለው የመጀመሪያውን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው ብለውታል። ሠርቶለት እንደሆነ ገና አልጻፈም።